ዘይቤን ለ7ኛ ክፍል ማስተማር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አማርኛ አስተምራለሁ፤ ብዙውን ጊዜ 7ኛ ክፍል። የዘይቤ ምዕራፍ በደረሰ ቁጥር አዳዲስ መምህራን የሚጠይቁኝ ነገር ተመሳሳይ ስለሆነ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። ከታች ያለው የሁለት ክፍለ ጊዜ ዕቅድ ነው፤ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ። ክፍሉ ውስጥ ከ50 በላይ ልጆች አሉ። አንዱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ግጥም ይጽፋል፤ አንዷ ገና ፊደል እየለቀመች ነው የምታነበው፤ ሌላው ደግሞ ከእናቱ ጋር የሚያወራው በኦሮምኛ ነው። ጠመኔ፣ ሰሌዳና ቁራጭ ወረቀት ካላችሁ ሌላ ምንም አያስፈልግም።

መጽሐፉ ላይ ብዙ ዓይነት ዘይቤ ተዘርዝሯል። ሁሉንም ላስተምር?

አይ። በሁለት ክፍለ ጊዜ ሦስት ይበቃል፦ ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭና ሰውኛ። (አንዳንድ መጽሐፍ አነጻጻሪ ይለዋል፤ እጃችሁ ላይ ያለው መጽሐፍ የሚለውን ተከተሉ፣ ፈተናው የሚወጣው ከሱ ነው።) ግነት፣ ምጸት፣ እንቶኔና አያዎ ይቆዩ። እነዚህን ሦስቱን የመረጥኩት ቀላል ስለሆኑ አይደለም። ሦስቱም የሚሠሩት በአንድ ዘዴ ስለሆነ ነው፤ የአንዱን ነገር ጸባይ ወስዶ ለሌላው ማልበስ። ልጁ ያችን ዘዴ ከያዘ ስሞቹ በኋላ በራሳቸው ይለጠፉለታል። ዘዴውን ሳይዝ ስም ብቻ ከሸመደደ ግን ፈተና ማግስት ይረሳዋል።

ትርጉሙን ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ ምሳሌ ሰጥቼ፣ ደብተራቸው ላይ ቢገለብጡ ምን ችግር አለው?

እኔም እንደዚያ ነበር የጀመርኩት። «እንደ የሚል ቃል ካለበት ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ፤ ከሥሩም «እንደ አንበሳ ጀግና ነው» አልኩ። ሁሉም በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ገለበጡ። በማግስቱ የራሳችሁን ዓረፍተ ነገር አምጡ ስል አንድ ልጅ ብድግ ብሎ «ትናንት ከትምህርት ቤት እንደመጣሁ ተኛሁ» አለ። ይኼ ተነጻጻሪ አይደለም አልኩት። «ቲቸር፣ እንደ አለበት እኮ!» አለኝ፤ ደብተሩንም ከፍቶ አሳየኝ። እውነቱን ነው፤ እኔ የሰጠሁትን ሕግ ነው በትክክል የተጠቀመው። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ላብ በላብ ሆንኩ።

ያን ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር በቃል ምልክት ብቻ ዘይቤን ማስለየት ወጥመድ መሆኑ ነው። ጎበዙ ልጅ በጆሮው ስለሚለይ ሕጉን ችላ ብሎ ያልፋል። ሕጉን የሚያምነው ደከም ያለው ልጅ ነው፤ ወጥመዱ ውስጥ የሚገባውም እሱ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ የተለያየ ችሎታ ያላቸውን ስናስተምር ይኼን ማየት አለብን፤ አቋራጭ ሕግ የሚጎዳው ልንረዳው ያሰብነውን ልጅ ነው።

ታዲያ «እንደ» መቼ ነው ዘይቤ የሚሆነው?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ መምህር ሳያስተውለው የሚያልፈው ቦታ ነውና። አማርኛ ውስጥ «እንደ» ብዙ ሥራ አለው። «እንደመጣ ተኛ» ሲባል ጊዜ ነው፤ ወዲያው ማለት ነው። «እንደነገርከኝ አደረግሁ» ሲባል በነገርከኝ መሠረት ማለት ነው። «እንደምትመጣ አውቃለሁ» ውስጥ ደግሞ የሚነጻጸር ነገር ጭራሽ የለም። «እንደ መምህርነቴ እመክርሃለሁ» ስል ራሴን ከምንም ጋር እያወዳደርኩ አይደለም።

አንዳንዱ መምህር «ከስም በፊት ሲመጣ ነው፣ ከግስ ጋር ከሆነ አይደለም» ብሎ ሊያስተካክለው ይሞክራል። ጥሩ ሙከራ ነው፤ ግን እሱም ይሰበራል። «እንደተቆጣ ወጣ» እና «እንደተቆጣ ነብር ዘለለ» የሚሉትን አስተያዩ። ሁለቱም ላይ «እንደ» የተጣበቀው ግስ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሰውየው በቁጣው ላይ እያለ መውጣቱን ብቻ ይናገራል። በሁለተኛው ግን ከግሱ ቀጥሎ ነብር አለ፤ ሰውየውም የሚመሰለው በነብሩ ነው።

ስሙ ከመጣም በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀራል። «ታናሿ እንደ ታላቋ ረጅም ናት» የእውነት ማወዳደር ነው፤ ሁለቱም ሰው ናቸው፣ ሜትር ይዛችሁ ልትለኳቸው ትችላላችሁ። «ታናሿ እንደ ባሕር ዛፍ ረዘመች» ሲባል ግን ማንም ሜትር አያወጣም። ስለዚህ ለልጆቹ የምሰጣቸው ጥያቄ «እንደ አለ ወይ?» መሆኑ ቀርቶ ይኼ ሆነ፦ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ ወይ? ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረ ጸባይስ አለ? ሁለቱም ከተመለሱ ዘይቤ ነው። በዚህ ጥያቄ «አይጥ መስሎ ገባ» የሚለውም ይያዛል፤ «እንደ» ባይኖርበትም። «ሊዘንብ ይመስላል» ደግሞ ይወድቃል፤ ግምት እንጂ ምስስል አይደለምና።

ይኼን ሁሉ ግን ለልጆቹ አትዘርዝሩላቸው። ለእናንተ ነው፤ እጅ አውጥቶ የሚሞግት ሲመጣ እንዳትደናገጡ።

የመጀመሪያውን 40 ደቂቃ እንዴት ትከፋፍለዋለህ?

አምስት ደቂቃ እንቆቅልሽ፣ አሥር ደቂቃ አንድ ዓረፍተ ነገር በጋራ መፍታት፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ሥራ፣ ሰባት ደቂቃ መስማት፣ ሦስት ደቂቃ ቁራጭ ወረቀት።

እንቆቅልሹ ለማሟሟቂያ ብቻ አይደለም። እንቆቅልሽ ማለት ግማሹ የተደበቀ ተለዋጭ ዘይቤ ነው። «እንቆቅልሽ!» እላለሁ፤ «ምን አውቅልህ!» ይላሉ፤ «በር የሌላት ነጭ ቤት።» እንቁላል የሚል አይጠፋም፤ ከጠፋም «አገር ስጡኝ» ብዬ አገር እቀበላለሁ። ከዚያ እጠይቃቸዋለሁ፦ ቤትና እንቁላል ምን አገናኛቸው? ግድግዳ አለው፣ ውስጡ የሚኖር አለ፣ ዝግ ነው። ፊደል እየለቀመች የምታነበው ልጅ እዚህ ላይ ከማንም አታንስም። እንዲያውም ሴት አያቷ ዘንድ ያደገች ከሆነች ትበልጣለች። ገና ምንም ሳይጻፍ ዘይቤ ፈታች ማለት ነው።

ቀጥዬ ሰሌዳ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፦ «ወንድሜ እሳት ነው።» ከሥሩ ሦስት ዓምድ አሰምራለሁ፦ *ማን? በምን ተመሰለ? በየቱ ጸባዩ?* የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በሰከንድ ይሞላሉ፤ ወንድሜ፣ እሳት። ሦስተኛውን ወዲያው እንዲመልሱ አልፈቅድም። መጀመሪያ ወንድምየውን እንርሳውና ስለ እሳት የምናውቀውን ሁሉ እንዘርዝር እላለሁ። ያሞቃል። ያቃጥላል። ያበራል። ከትንሽ ተነስቶ ይዛመታል። ይጨሳል። ውሃ ያጠፋዋል። ሁሉንም እጽፋለሁ፤ የማይረባ መልስ የለም።

አሁን ወደ ወንድምየው እንመለስ። የትኛው ጸባይ ይሻገራል? አንዱ «ያቃጥላል» ይላል፤ ስለዚህ ወንድሙ ቁጡ ነው። ሌላዋ «አይ፣ ጎበዝ ነው ማለት ነው፤ ሰፈር ውስጥ እሳት የላሰ ነው ሲሉ ፈጣን፣ ንቁ ማለታቸው ነው» ትላለች። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ክርክሩ ይሙቅ፤ አታስቁሙት። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ከፊቱ እጨምራለሁ፦ «ኳሱን ስለነካሁበት ብቻ ቤቱን አመሰው። ወንድሜ እሳት ነው።» በቃ፣ ቁጡ ሆነ። አጥፍቼ ደግሞ «ሦስት ቀን የፈጀብኝን ሒሳብ በአምስት ደቂቃ ሠራው። ወንድሜ እሳት ነው» እላለሁ። ያው ቃል፣ ሌላ ሰው። የትኛው ጸባይ እንደሚሻገር የሚወስነው ዙሪያው ያለው ዓረፍተ ነገር መሆኑን እኔ ሳልናገር ያዩታል።

«ይጨሳል» የሚለውስ? ያልተሻገረው ነው። ያልተሻገሩት ላይ መስመር አሰምርባቸዋለሁ። ይቺ ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን ዘይቤ ማለት ሁሉንም ጸባይ መጫን ሳይሆን መምረጥ መሆኑን የሚያዩት በዚያች መስመር ነው።

የችሎታቸው ልዩነት ሰፊ ነው። የተለያየ ወረቀት ላዘጋጅ?

ሞክሬዋለሁ፤ ተውኩት። ሦስት ዓይነት ወረቀት ባደልኩ በሁለተኛው ቀን የትኛው «የሰነፎቹ» እንደሆነ ክፍሉ በሙሉ ያውቀው ነበር። የተሰጣቸው ልጆችም ወረቀቱን በክንዳቸው ሸፍነው ነው የሠሩት። አሁን የማደርገው መሰላል ነው። ሥራው ለሁሉም አንድ ነው፤ ሁሉም ከታችኛው ደረጃ ይጀምራል፤ የጨረሰ ይወጣል።

ርዕሳችን ዝናብ ነው። ሁሉም ያውቀዋል፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያልተኛ ልጅ ክፍሌ ውስጥ የለም።

አንደኛው ደረጃ፦ «ዝናቡ ቆርቆሮውን እንደ ______ መታው፤ ምክንያቱም ______።» ባዶ ቦታው ሁለት ነው። ቁም ነገሩ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። «እንደ ከበሮ» ብሎ የጻፈ ሁሉ «ምክንያቱም ድምፁ ቶሎ ቶሎ ነው» ወይም ሌላ ነገር ማለት አለበት። ምክንያት ከሌለው አልጨረሰም።

ሁለተኛው ደረጃ፦ «ዝናቡ በጣም ዘነበ» የሚለውን «በጣም» ሳትሉ ጻፉት። «እንደ» መጠቀም ይቻላል፤ አለመጠቀምም ይቻላል።

ሦስተኛው ደረጃ፦ ስለ ዝናብ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ «ዝናብ» የሚለው ቃል እንዳይገባ፤ ምስላችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ይሁን። ይኼ ለጎበዞቹም ከባድ ነው። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ዝናቡን ወታደር ያደርጉትና በሁለተኛው ጨፋሪ፣ በሦስተኛው የሚያለቅስ ሕፃን ያደርጉታል። አንዱን ምስል ይዞ መዝለቅ እንደሚያቅታቸው ሲያዩ ነው «ጨርሻለሁ» ማለት የሚያቆሙት።

በ15 ደቂቃ ውስጥ አንደኛው ደረጃ ላይ ብቻ የቀረ ልጅ ቢኖር ችግር የለውም። ምክንያቱን ከጻፈ የዕለቱን ዓላማ መትቷል። ማንም ዜሮ ይዞ አይወጣም፤ ማንም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም።

በቡድን ሲሠሩ አንዷ ጎበዝ ሁሉንም ትሠራለች፤ ሌሎቹ ያወራሉ። ምን ላድርግ?

አምስት አምስት ሆነው በተቀመጡበት ቡድን የማይከሰትበት ቀን የለም። የኔ መድኃኒት ሦስት ደቂቃ ጸጥታ ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱ በራሱ ደብተር አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ ነው አፍ የሚከፈተው። ቡድኑ የሚያነብልኝም «የኛ መልስ» ብሎ አይደለም። «ከአምስታችን የተሟገትንበት ይኼ ነው» ብሎ ነው። ጠሪው እኔ ነኝ፤ እጅ ያወጣውን ሳይሆን ከጎኑ ያለውን እጠራለሁ።

አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆኑ ልጆች ዘይቤው ጭራሽ አይገባቸውም። ለብቻ ላስተምራቸው?

ዘይቤው አይደለም የማይገባቸው፤ ፈሊጡ ነው። እነዚህን መለየት ግዴታ ነው። «እሱ እኮ ሆደ ሰፊ ነው» ብትሉት ቃሎቹን አንድ በአንድ የሚያውቅ ልጅ ሆዱ ትልቅ የሆነ ሰው ነው የሚታየው። ትዕግሥተኛ ማለት መሆኑን በማሰብ ሊደርስበት አይችልም፤ ሰምቶ ማወቅ ብቻ ነው ያለው። «ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በነዚህ ሁለት ክፍለ ጊዜያት ፈሊጥ አላስገባም። እሳት፣ ዝናብ፣ ድንጋይ፣ ውሃ፤ ጸባያቸውን የትም ያደገ ልጅ የሚያውቃቸው ነገሮች ናቸው የማመጣው።

ቋንቋቸውንም ወደ ሰሌዳው አመጣዋለሁ። አንድ ኦሮምኛ ተናጋሪ ልጅ «ጀግና ነው ለማለት እናንተ ቤት በምን ትመስሉታላችሁ?» ስለው «አከ ሌንጫ» አለኝ። አከ እንደ፣ ሌንጫ አንበሳ። ክፍሉ በሙሉ ያው አንበሳ መሆኑን ሲያይ ተገረመ። ልጁም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሌዳ ላይ እሱ ነበር አስተማሪው። ሦስት ደቂቃ ነው የወሰደው።

ማንበብ የሚቸግራቸውን ደግሞ በጆሮ ያዟቸው። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ አነባለሁ። የአማርኛ ፊደል ጥብቀት አያሳይም፤ «ገና» በዓሉ ይሁን ገና ያልደረሰ ነገር፣ ንባቡን ካልሰሙ ዘይቤው ላይ ሳይደርሱ ቃሉ ላይ ነው የሚቀሩት። ሥዕል ማስሳልም ይረዳል ይባላል፤ ይረዳል። ግን አምስት ደቂቃ ብላችሁ ካልገደባችሁት ሥዕሉን ሲያሳምሩ ክፍለ ጊዜው ያልቃል፤ ደርሶብኛል።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜስ?

የሚጀምረው ማታ ላይ ነው፣ ቁራጭ ወረቀቶቹን ሳነብ። በመጀመሪያው ቀን መጨረሻ «እናትህን ወይም አባትህን በአንድ ነገር መስለህ በየቱ ጸባይ እንደሆነ ጻፍ» ብዬ ነበር የሰበሰብኩት። ሦስት ቦታ እከምራቸዋለሁ። ምክንያት ያላቸው፣ ምክንያት የሌላቸው፣ እና ምክንያቱ ራሱ ምስሉን የደገመባቸው። ሦስተኛው ክምር እንዲህ ያለ ነው፦ «እናቴ እንደ ፀሐይ ናት፤ ምክንያቱም ፀሐይ ስለሆነች።» ይኼ ልጅ አልሰነፈም። ያነጻጸረው ሰምቶ የለመደውን ነው፤ የፀሐይን ጸባይ አላየውም። በማግስቱ አጠገቡ ሄጄ «ፀሐይ ምን ምን ታደርጋለች?» ብዬ ከዝርዝሩ አስጀምረዋለሁ።

ክፍሉ ውስጥ መጀመሪያ ከወረቀቶቹ መካከል አራቱን ያለ ስም ሰሌዳ ላይ እጽፍና «እንደ»ን እንሰርዛለን። «አባቴ እንደ ዋርካ ነው» ነበር፤ «አባቴ ዋርካ ነው» ሆነ። ምን ተለወጠ? ልጆቹ የሚሰጡት መልስ ከመጽሐፉ ይሻላል፤ አንዷ «መጀመሪያ ይመስላል ነበር፤ አሁን ሆነ» አለች። ተለዋጭ የሚለው ስም የሚወጣው ከዚያ ነው፤ ተለወጠ። ወዲያው ደግሞ «አባቴ አናጺ ነው» ብዬ እጽፋለሁ፤ «ነው» ያለበት ሁሉ ተለዋጭ መስሏቸው እንዳይሄድ። አናጺነት የእውነት ሥራው ነው፤ የተሻገረ ጸባይ የለም።

ሰውኛን ለማምጣት ዳገት ላይ ያለች አሮጌ ሚኒባስ እወስዳለሁ። «ሚኒባሷ ዳገቱ ላይ ቆመች።» ቀጥሎ፦ «ሚኒባሷ ዳገቱን ስታይ ማቃሰት ጀመረች።» የቱ ሰው ሆነ? ያው ሦስቱ ዓምድ ይሠራል፤ በምን ተመሰለች የሚለው ቦታ ላይ ሁሌም «ሰው» ይገባል፣ ልዩነቱ ያ ብቻ ነው። ቀሪው 20 ደቂቃ ጽሑፍ ነው፤ የሰፈራቸውን አንድ ዕቃ ወይም ቦታ በአራት ዓረፍተ ነገር። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ለደረሱት ብቻ አንበሳ፣ ጨረቃና በረዶ የተከለከሉ ናቸው። ለሌሎቹ አልከለክልም፤ «እንደ ጨረቃ» ለእኛ ያረጀ ቢሆንም ትናንት ለተማረው ልጅ አዲስ ነው።

አንዴ የእሳቱን ወንድም ቤቷ ይዛ የሄደች ልጅ እንዲህ ጽፋ መጣች፦ «ወንድሜ እሳት ነው፤ እናቴ ደግሞ ውሃ። ስለዚህ ቤታችን አይቃጠልም፤ ግን ሁሌ ይጨሳል።» ያቺን የሰረዝናትን ጭስ መልሳ አነሳቻት።

«ፀሐይ ገባች» ሰውኛ ነው? ልጆቹ ይጠይቁኛል፤ መልስ አጣለሁ።

አትቸገሩ። አማርኛ ፀሐይን በሴት ጾታ ይጠራል፤ መኪናዋ፣ ቤቷ፣ ብዕሯ እንላለን። ይኼ ሰዋስው ነው፤ ሰው አላደረጋቸውም። «ገባች»ም ከመለመዱ የተነሳ ምስልነቱ ጠፍቷል፤ የመርፌ ዓይን፣ የጠርሙስ አፍ፣ የጠረጴዛ እግር ስንል ማንም ዓይንና እግር አይታየውም። «እንቅልፍ ወሰደኝ»ም ያው ነው። ቢሆንም ልጁ «እንቅልፍ እኮ ሰው አይደለም፣ እንዴት ይወስዳል?» ብሎ ከጠየቀ ተሳስቷል አልለውም። ዱሮ ዘይቤ የነበረ፣ አሁን ተራ ቃል የሆነ ነው እለዋለሁ። ፈተና ላይ ግን እንዲህ ዓይነቱን አታስገቡ፤ ለክርክር ጥሩ ነው፣ ለእርማት መጥፎ።

ሰምና ወርቅ አብሬ ልጀምር?

አትጀምሩ። ሰምና ወርቅ የሚቆመው ብዙውን ጊዜ አንድ ቃል ሁለት ፍች ስላለው ነው፤ ዘዴው ሌላ ነው። አብራችሁ ካመጣችሁት ልጆቹ በየዘይቤው ሥር የተደበቀ ቃል ፍለጋ ይገባሉ። ለብቻው ክፍለ ጊዜ ይሰጠው።

ፈተና ላይ ምን ልጠይቅ? እንዴትስ ላርም?

«የዘይቤው ዓይነት ምንድን ነው?» ብቻ ብላችሁ ምርጫ ካወጣችሁ ገምቶ የመታውንና የገባውን መለየት አትችሉም። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር እሰጥና ከአምስት አርማለሁ። ለምሳሌ «የእናቴ እጅ ብርድ ልብስ ነው።» ለስሙ 1፣ ምን በምን እንደተመሰለ 1፣ ለተሻገረው ጸባይ 2፣ በራሱ ቃል ለሚጽፈው አንድ አዲስ ዓረፍተ ነገር 1።

መልሶቹን እንያቸው። አንዱ «ተለዋጭ ዘይቤ፣ እጅ በብርድ ልብስ» ብሎ አቆመ፤ 2 አገኘ። ሌላው ስሙን ተሳስቶ «ሰውኛ» አለ፤ ግን «እጅ በብርድ ልብስ፤ ስታቅፈኝ ይሞቀኛል፣ አልፈራም» ብሎ ጻፈና የራሱን ዓረፍተ ነገር ጨመረ፤ 4 አገኘ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ስሙን የሳተ ልጅ ስሙን ካወቀው እንዴት ይበልጣል ብለው ይቆጡኛል። ስሙን በአንድ ደቂቃ ላስተካክልለት እችላለሁ፤ ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ልጅ የጎደለው ግን ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይፈልጋል። «ብርድ ልብስ ለስላሳ ስለሆነ» ያለም ሙሉ 2 ይሰጠው፤ ይሻገራል። «ብርድ ልብስ አራት ማዕዘን ስለሆነ» ያለ ግን አያገኝም፤ አልተሻገረም።

የዕለት ትምህርት ዕቅድ ቅጹ ላይ ይኼን ሁሉ እንዴት ልሙላው?

ዓላማው ላይ «ተማሪዎች ዘይቤን ይረዳሉ» አትበሉ፤ ሱፐርቫይዘሩም አይወደውም፣ እናንተም መመዘን አትችሉም። «በተሰጠ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረውን ጸባይ ለይተው ምክንያት ይሰጣሉ» በሉ። የመምህሩ ተግባር የሚለው ዓምድ ያጥር፤ የተማሪው ይርዘም። ለተለያየ ፍላጎት የሚለው ቦታ ላይ ሦስቱን ደረጃዎች ጻፉ። ምዘና ላይ ቁራጭ ወረቀት። በቃ።

ከሁለቱ ክፍለ ጊዜ በኋላ እንዳይረሱት ምን ታደርጋለህ?

ዓርብ ዓርብ አምስት ደቂቃ። በሳምንቱ ውስጥ ከሰው አፍ የሰሙትን አንድ ዘይቤ ይዘው ይመጣሉ፤ ከመጽሐፍ አይቻልም። ከገበያ፣ ከታክሲ፣ ከኳስ ሜዳ። አንዱ ወያላው ተሳፋሪ ሲያጨናንቅ «ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ፣ ሰው ላስቲክ ነው!» ሲል ሰማሁ ብሎ መጣ። ዓምዶቹን አሰመርን። ሰው፣ ላስቲክ፣ ይለጠጣል። ሁሉም ተስማማ፤ ልሰርዘው ጠመኔ ማጥፊያውን ሳነሳ ከኋላ ወንበር «ቲቸር፣ ላስቲክ እኮ ይበጠሳል» የሚል ድምፅ መጣ፤ እሱንም ጻፍነው።